የጥለቱ ክር የት ጠፋ? ለዲዛይነር የሚጻፍ የፎቶ ኢሜይል

«ፎቶዎቹ ጥራት የላቸውም፤ እባክህ ጥርት ያሉ ላክልኝ።» ዕቃቸውን በኢንተርኔት መሸጥ የጀመሩ ባለሱቆች ለዲዛይነራቸው የሚጽፉት መልእክት ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ዲዛይነሩ መልእክቱን ሲያነብ ፎቶውን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይከፍተዋል፤ እዚያ ላይ ጥርት ብሎ ይታየዋል። ችግሩ ስላልገባው በፕሮግራም ትንሽ ያሳምረውና በተለመደው መንገድ መልሶ ይልከዋል። ባለሱቁም ያው ብዥ ያለ ፎቶ ይደርሰዋል። ሁለቱም ሥራቸውን የሠሩ ይመስላቸዋል፤ ካታሎጉ ግን አይወጣም፣ የበዓሉ ገበያም ያልፋል።

ይህን ምልልስ የሚያስቀረው፣ ባለሱቁ ከመጻፉ በፊት የፎቶው ዝርዝር የት ላይ እንደጠፋ ማወቁ ነው። ለዚህ የፎቶ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሩብ ሰዓትና አንድ ስልክ ይበቃሉ።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ ምሳሌ ትሁነን። ገዢዎቿ አብዛኞቹ ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው እንበል። ሱቋ መጥተው ጨርቁን በጣታቸው መዳሰስ ስለማይችሉ የሚያዩት ፎቶውን ነው። የሚጠይቋትም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ፈትሉ የእጅ ነው ወይ? ጥለቱ የተሸመነ ነው ወይስ የታተመ? ዲዛይነሯ ሱቋ ድረስ መጥቶ 12 ቀሚሶችን በአሻንጉሊት ላይ አልብሶ ከፊትና ከኋላ አነሳላት፤ በድምሩ 24 ፎቶ። በቴሌግራም ላከላት። በስልኳ ስታያቸው ደስ አሏት። ካታሎጉ ላይ ጭና ጥለቱን ለማየት በሁለት ጣቷ ስታሰፋው ግን ክሩ ቀርቶ የቀለም ጭረት ብቻ ታያት።

የመጀመሪያው ሥራ ፎቶውን መለካት ነው። ስልክ ላይ ፎቶውን ከፍቶ ዝርዝር መረጃውን ማየት፣ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፋይሉን በቀኝ ተጭኖ Properties፣ ከዚያ Details መግባት ነው። እዚያ በ× የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። ፎቶው በወርድና በቁመት ስንት ፒክስል እንዳለው ማለትም ከስንት የቀለም ነጥቦች እንደተሠራ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። የባለሱቋ ፎቶዎች ሁሉም 853 × 1280 ናቸው። ዲዛይነሩ ያነሳበት ካሜራ ግን ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ፎቶውን ቁመቱን አቁሞ ሲያነሳ 4000 × 6000 ይሰጣል። ሁለቱን አባዝተን ብናነጻጽር፣ ካሜራው 22 ነጥብ ባስቀመጠበት ቦታ እሷ ጋ የደረሰው አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

ይህ የሆነው በዲዛይነሩ ስንፍና አይደለም። ቴሌግራም ፎቶ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክለት ቶሎ እንዲደርስ ብሎ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያሳንሰዋል። የቤተሰብ ፎቶ ለመላላክ ይህ መልካም ነው፤ ለካታሎግ ግን ጥፋት ነው። ሌላም ምልክት ይተዋል። በቴሌግራም የኮምፒውተር ፕሮግራም የተቀመጠ ተራ ፎቶ ስሙ photo_ ብሎ ይጀምርና ቀንና ሰዓት ይከተለዋል። ካሜራው የሰጠው ስም፣ ለምሳሌ DSC_0114.JPG፣ ጠፍቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ያየ ባለሱቅ በእጁ ያለው ኦሪጅናሉ እንዳልሆነ ወዲያው ማወቅ ይችላል። ያው ፎቶ በቴሌግራም File ተብሎ ቢላክ ኖሮ ግን አንድ ነጥብ ሳይጎድል ከነስሙ ይደርስ ነበር።

አሁን ወደ ጥለቱ እንምጣ፤ ነገሩ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነው። ቀሚሱ ከትከሻ እስከ ጫፍ 140 ሳንቲሜትር ነው እንበል። በፎቶው ውስጥ ከቁመቱ ሰባ በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ የቀረው ግድግዳና ወለል ነው። ተጨምቆ በደረሳት ፎቶ ላይ ለአንድ ሳንቲሜትር ጨርቅ የሚደርሰው ስድስት ፒክስል ገደማ ነው። በኦሪጅናሉ ላይ ግን 30 ይሆናል። አንድን ክር ከጎኑ ካለው ክር ለይቶ ለማሳየት ቢያንስ ሁለት ፒክስል ያስፈልጋል፤ አንዱ ለክሩ፣ አንዱ በመካከል ላለው ጥላ። ስለዚህ በሳንቲሜትር 10 ክር ያለው ጨርቅ 20 ፒክስል ይፈልጋል። ስድስት ይዞ ክሩን የሚያሳይ ፎቶ ሊኖር አይችልም። 30 ያለው ኦሪጅናል ድርና ማጉን ያሳያል፣ ግን ለጥቂት ነው። ጨርቁ ጠበቅ ያለና ክሩ የቀጠነ ከሆነ ኦሪጅናሉም አይበቃም።

ከዚህ ስሌት ባለሱቋ አንድ ትልቅ ነገር ታገኛለች። ሙሉ ቀሚሱን የሚያሳይ ፎቶ የቱንም ያህል ጥርት ቢል የገዢዎቿን ጥያቄ በደንብ አይመልስም። የጥለቱ የቅርብ ፎቶ ለብቻው መነሳት አለበት። ካሜራው ቀርቦ 30 ሳንቲሜትር የሚሆን የጥለት ክፍል በ4000 ፒክስል ወርድ ላይ ቢሞላ፣ ለአንድ ሳንቲሜትር ከ130 በላይ ፒክስል ይደርሳል። ያኔ ክሩ የት ጋ እንደወፈረና የት ጋ እንደቀጠነ እንኳ ይታያል። የእጅ ፈትልን ከፋብሪካ ክር የሚለየውም ይኸው አለመስተካከሉ ነው። «ጥርት ያለ ፎቶ» ከሚለው ጥያቄ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው፤ ባለሱቆች ካለው ፎቶ ውስጥ የሌለ ፎቶ ሲፈልጉ ይከርማሉ።

ሁሉም ብዥታ ከማሳነስ የሚመጣ አይደለም። ከ24ቱ ውስጥ ሦስቱ ከሌሎቹ የባሰ ይደበዝዛሉ። ባለሱቋ አሰፍታ አየቻቸው። በአንደኛው ላይ ቀሚሱ ብዥ ብሎ ከኋላ ያለው መጋረጃ ግን ሽብሽቡ ሳይቀር ይታያል። ፎከሱ መጋረጃው ላይ ተይዟል ማለት ነው። በሌሎቹ ሁለት ፎቶዎች ደግሞ የትኛውም ነገር ጥርት አላለም፤ የአዝራሩ ብልጭታ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ አጭር መስመር ሆኗል፣ መስመሩም በፎቶው ሁሉ ላይ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ይህ ሲነሳ እጅ መንቀጥቀጡን ይነግራል። በእነዚህ ሦስቱ ላይ ኦሪጅናሉ ቢመጣም ምንም አይለውጥም፤ ካሜራው ራሱ ያልያዘውን ማንም ሊልከው አይችልምና እንደገና መነሳት አለባቸው።

አንድ ሌላ ጉድለት የሀበሻ ልብስን ለይቶ ያጠቃል። ቀይ ጥለት በነጭ ጨርቅ ላይ ሲሆን፣ ጥቁሩ የጥለት መስመር ጥርት ብሎ ቀዩ ግን ወደ ነጩ የፈሰሰ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ አቀማመጥ ፋይሉን ለማሳነስ ብርሃንና ጨለማውን በሙሉ ዝርዝር ይይዝና ቀለሙን ብዙ ጊዜ በግማሽ ዝርዝር ያስቀምጠዋል። የሰው ዓይን ለብርሃን ልዩነት ንቁ፣ ለቀለም ልዩነት ዘገምተኛ ስለሆነ በሰው ፊትና በመልክዓ ምድር ላይ ይህ አይታወቅም። በቀጭን ቀይ ክር ላይ ግን ይታወቃል፤ ፎቶው በተደጋጋሚ ተከፍቶ በተቀመጠና በተላላከ ቁጥርም ይብሳል፣ በጥለቱ ዙሪያም ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። መፍትሔው ከኦሪጅናሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በከፍተኛ ጥራት ማውጣት ነው።

ነጩም የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራ በነጭ የተሞላ ፎቶ ሲያነሳ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፣ ነጠላው ግራጫ ይሆናል። ዲዛይነሩ ያንን ለማስተካከል በፕሮግራም ሲያፈካው ጥቂት ካሳለፈ የጨርቁ ገጽ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ሽመናው ይጠፋል። ስንት ሚሊዮን ፒክስል ቢኖረውም እንደ ወረቀት ለጥ ይላል። በሱቆች ፎቶ ላይ ይህን ያህል የተለመደ ጥፋት አላውቅም፤ ደግሞ «አፍካልኝ» እያለ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ባለሱቁ ራሱ ነው። ለጨርቅ የሚሻለው ብርሃን ከመስኮት በኩል ከጎን የሚመጣ ነው። ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ክር ትንሽ ጥላ ይጥላል፣ ሽመናው የሚታየውም በዚያ ጥላ ነው። ፊት ለፊት የሚበራ ፍላሽ ግን ጥላውን ሁሉ ያጠፋዋል።

ባለሱቋ እነዚህን ካየች በኋላ የምትጽፈው ኢሜይል አጭር ይሆናል፣ ግን ዲዛይነሩ ምን እንደሚሠራ አንድም ነገር አያስገምተውም።

ርዕስ፦ የ12ቱ ቀሚሶች ፎቶ፤ ኦሪጅናል ፋይሎች፣ 3 ድጋሚ ፎቶዎችና 12 የቅርብ ፎቶዎች

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ፤ እንዴት ሰነበትክ?

ባለፈው ያነሳሃቸውን ፎቶዎች ካታሎጉ ላይ ጫንኳቸው። አነሳሱንና የቀሚሶቹን አቋቋም በጣም ወድጄዋለሁ። ሳሰፋቸው ግን ጥለቱ አይታይም። ፋይሎቹን ሳይ ሁሉም 853 × 1280 ፒክስል ናቸው፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስለተላኩ ያነሱ ይመስለኛል። ሦስት ነገር ልለምንህ ነው።

አንደኛ፣ የ21ዱን ፎቶዎች ኦሪጅናል ከካሜራው እንደወጡ በጉግል ድራይቭ አስቀምጥልኝ። ከእያንዳንዳቸው ደግሞ ለካታሎጉ የሚሆን አንድ ቅጂ ረጅሙ ጎን 2000 ፒክስል፣ ጄፔግ፣ ቀለሙ sRGB፣ ክብደቱ ከ400 ኪሎባይት ያልበለጠ አድርገህ አውጣልኝ። ትንሹን ፋይል ለጥጠህ እንዳታሳድግብኝ አደራ። ኦሪጅናሎቹን ከካሜራው ካርድ ላይ አጥፍተህ ከሆነ ዛሬውኑ ንገረኝ።

ሁለተኛ፣ ቁጥር 4 ከፊት፣ ቁጥር 7 ከኋላ እና ቁጥር 11 ከፊት እንደገና ቢነሱልኝ። በ4 ላይ ፎከሱ መጋረጃው ላይ ነው፤ 7 እና 11 ካሜራው ተንቀሳቅሶባቸዋል። የሚታየውን ክፍል በቀይ ከብቤ አያይዤልሃለሁ።

ሦስተኛው አዲስ ሥራ ነው። የ12ቱንም ቀሚሶች ጥለት ከቅርብ፣ 30 ሳንቲሜትር ያህሉ ፎቶውን እንዲሞላ አድርገህ ብታነሳልኝ። ደንበኞቼ የሚጠይቁት ክሩን ነው። ብርሃኑ ከመስኮቱ በኩል ከጎን ይሁን፤ ነጩን ብዙ አታፍካው፣ ሽመናው ይጠፋል። ለዚህ ዋጋውን ንገረኝና እንስማማ።

ፋይሎቹን በቀሚሱ ቁጥር ሰይምልኝ፤ ለምሳሌ 04-front.jpg፣ 04-back.jpg፣ 04-tilet.jpg። ከመጣህ ቀሚሶቹን ተኩሼ እጠብቅሃለሁ። ካታሎጉን ለፋሲካ ማውጣት ስለምፈልግ ኦሪጅናሎቹ እስከ ዓርብ ቢደርሱኝ፣ አዲሶቹ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቢነሱ ደስ ይለኛል።

አክባሪህ

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የገባው እያንዳንዱ ቁጥር ምክንያት አለው። 2000 ፒክስል ከየት መጣ? ካታሎጉ በስልክም በኮምፒውተርም ሙሉ ስክሪን ሞልቶ እንዲታይና ገዢው ሲያሰፋው የሚያየው ነገር እንዲተርፍ ይበቃል። ሾፒፋይ የተባለው የኢንተርኔት ሱቅ መድረክ ለአራት ማዕዘን የዕቃ ፎቶ የሚመክረውም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ፣ 2048 በ2048 ነው። ክብደቱ መገደቡ ደግሞ ለገዢው ሲባል ነው። 36ቱም ፎቶዎች እያንዳንዳቸው 10 ሜጋባይት ሆነው ቢጫኑ ካታሎጉን ለማየት 360 ሜጋባይት ዳታ ይበላል፤ በ400 ኪሎባይት ግን 15 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከባዱ ኦሪጅናል ባለሱቋ ጋ ይቀመጣል፣ ቀላሉ ቅጂ ካታሎጉ ላይ ይወጣል። ኦሪጅናሎቹ በኢሜይሉ ላይ ተያይዘው እንዲመጡ ያልጠየቀችውም ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ ስለማያያይዝ ነው።

በኢሜይሉ ውስጥ የሌለ ቁጥርም አለ። «300 ዲፒአይ አድርግልኝ» አላለችም። ይህ ቁጥር በየማተሚያ ቤቱ ስለሚነገር ባለሱቆች የጥራት ማረጋገጫ አድርገው ይወስዱታል። ትርጉሙ ግን በአንድ ኢንች ወረቀት ላይ ስንት ነጥብ ይታተም የሚል ብቻ ነው። ስክሪን ወረቀት ስላልሆነ ቁጥሩን አያየውም። ፋይሉ ላይ 72 የነበረውን 300 ብሎ ከመጻፍም አንድ አዲስ ፒክስል አይወለድም። ቁጥሩ የሚያስፈልጋት ካታሎጉን በወረቀት ለማሳተም ያሰበች ቀን ነው፤ ያኔ ባለ 2000 ፒክስሉ ቅጂ 17 ሳንቲሜትር ቁመት ድረስ በጥሩ ሁኔታ ይታተማል፣ ከዚያ ለሚበልጥ ኦሪጅናሉ ይወጣል።

«ለጥጠህ እንዳታሳድግ» የሚለውም ያለ ነገር አልገባም። ቸኮል ያለ ዲዛይነር ባለ 1280ውን ፎቶ በፕሮግራም ወደ 2000 ሊያሳድገውና ሻርፕ ሊያደርገው ይችላል። መለኪያው ላይ ቁጥሩ ትክክል ይሆናል። ፕሮግራሙ ግን በነጥቦቹ መካከል ያለውን የሚሞላው ከጎረቤቶቹ ገምቶ ነው፤ የጠፋውን ክር ከየትም አያመጣውም። ይህን ለማወቅ ጥለቱን አስፍቶ ጠርዙን ማየት ነው። ጥቁሩ መስመር ዙሪያውን ነጣ ባለ ቀጭን ክፈፍ ተከቦ በመካከሉ ግን ክር ከሌለ ፎቶው ተለጥጧል። ገዢዋ ከዚያ ላይ ሽመናውን አይታ ከወሰነች የወሰነችው በግምት በተሠራ ምስል ነው፤ ዕቃው ሲደርሳት ቅር የሚላትም ባለሱቋን ነው።

የገንዘቡ ነገር በኢሜይሉ ውስጥ ለሦስት መከፈሉም ተገቢ ይመስለኛል። ኦሪጅናል ፋይል እንደገና መላክ ጊዜ ቢወስድም አዲስ ሥራ አይደለም። ፎከሱ የሳተና የተንቀጠቀጠው በአንሺው እጅ ስለሆነ ሦስቱን መድገም የእሱ ድርሻ ነው። የቅርብ ፎቶው ግን መጀመሪያ ያልታዘዘ ስለሆነ ይከፈልበታል። ሦስቱ ተቀላቅለው «አስተካክልልኝ» ሲባሉ ዲዛይነሩ ሁሉንም በነጻ የተጠየቀ ይመስለውና ይቀየማል፣ ወይም ለሁሉም ያስከፍላል። ኦሪጅናሎቹ ከጠፉ ደግሞ ለሁለቱም የሚከብድ ንግግር ይመጣል፤ 24ቱም እንደገና መነሳታቸው ነው። ለዚህ ነው ካርዱ ሌላ ሥራ ተነስቶበት ሳይጻፍበት በፊት ቶሎ መጠየቅ የሚበጀው። በሚቀጥለው ጊዜ ሥራው ሲታዘዝ ገና ኦሪጅናል ፋይል ማስረከብ የስምምነቱ አካል ቢሆን ይህ ጭቅጭቅ አይነሳም።

ፋይሎቹ ሲደርሱ ባለሱቋ ሁሉንም ከመጫኗ በፊት አንዱን ትፈትነዋለች። መጠኑን ታያለች፤ ጥለቱ ላይ አስፍታ ክሩን ትፈልጋለች፤ ቀሚሱን መስኮት አጠገብ ይዛ ቀዩ ከስክሪኑ ቀይ ጋር መመሳሰሉን ታያለች። ከዚያ ያንኑ አንድ ፎቶ ካታሎጉ ላይ ጭና እንደ ገዢ በሌላ ሰው ስልክ ትከፍተዋለች። አንዳንድ ድረ ገጾች የተጫነላቸውን ፎቶ ራሳቸው መልሰው ያሳንሱታል። በስልኳ ላይ ያለው ፋይል ክሩን እያሳየ ካታሎጉ ላይ ያለው ካላሳየ፣ ከገጹ ላይ ፎቶውን አውርዳ ትለካዋለች። 2000 የነበረው 800 ሆኖ ከወረደ ዲዛይነሩ ድርሻውን ተወጥቷል፤ ቀጣዩ ኢሜይል መጻፍ ያለበት ገጹን ለሠራው ሰው ነው፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ።